ሳይታጠቡ የመቆየት ሕክምና

የበር እጀታ በነካች ቁጥር እጇን ደጋግማ የምትታጠብ ሴት እናስብ። መታጠቡ ጭንቀቷን ለጊዜው ያቀልላታል። አእምሮዋ ግን «የተረፍኩት ስለታጠብኩ ነው» ብሎ ስለሚደመድም ፍርሃቱ ይመለሳል። የኦሲዲ ሕክምና ይህን ዑደት የሚሰብረው የምትፈራውን ነገር እንድትነካ፣ ከዚያም ሳትታጠብ እንድትቆይ በማድረግ ነው።

በመጀመሪያ ከሐኪሟ ጋር ሆና የሚያስፈሯትን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጠች በደረጃ ትዘረዝራለች። የቤቷ በር እጀታ 30፣ የታክሲ ወንበር 50፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በር 85 ሊሆን ይችላል። ልምምዱ ከቀላሉ ይጀምራል። እጀታውን ትነካለች፤ ጭንቀቱ ቢያይልም አትታጠብም። ብዙውን ጊዜ ጭንቀቱ በራሱ ይበርዳል። ባይበርድ እንኳ የፈራችው እንዳልደረሰና ስሜቱን መቻል እንደምትችል ታያለች። ይህንኑ በየቀኑ ቤቷ ትደግመዋለች፤ ሲቀላት ወደሚቀጥለው ደረጃ ትሻገራለች።

ልምምዱን የሚያከሽፈው ስውር ማምለጫ ነው፦ እጅን በሶፍት መጥረግ፣ ወይም ባሏን «ምንም አልሆንም አይደል?» እያለች መጠየቅ። ስለዚህ ቤተሰብም ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ማረጋገጫ መስጠቱን ቀስ በቀስ ይተው። ያለ ፈቃዷ አስገድዶ ማስነካት ግን ሕክምና አይደለም።