መነሻ ገጹን ማን ነው የሚመልሰው?

ብሮውዘሩ ሲከፈት የለመዱት ገጽ ቀርቶ አንድ የማያውቁት መፈለጊያ ይመጣል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው መነሻ ገጹንም መፈለጊያውንም ወደ ነበረበት ይመልሱታል፤ ይስተካከላል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩት ግን ያው ገጽ ቦታውን ይዞ ይጠብቅዎታል። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ በኋላ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባልና ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ይወሰዳል። ከፎርማት በኋላም ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ሴቲንግ ውስጥ የምናየው አድራሻ ውጤት ብቻ ነው። አድራሻውን የሚጽፈው ነገር ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ እሱ እስካለ ድረስ የሰረዝነውን መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሪሴት ከማድረግ በፊት መጠየቅ ያለበት «ገጹ የሚመለሰው መቼ ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ሥራው የማን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁማል።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች የሚፈልጉት ገንዘብ ነው። የፍለጋ ውጤት ገጽ ላይ ማስታወቂያ አለ፤ ፈላጊውን ወደዚያ ገጽ የሚያመጣ አካል ከማስታወቂያው ገቢ ድርሻ ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው የፈለጉትን ቃል ጽፈው ሲልኩ አንድ እንግዳ አድራሻ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ፣ ቀጥሎ የሚታወቀው የቢንግ ወይም የያሁ ገጽ የሚመጣው። ውጤቱ እውነተኛ ስለሚመስል ብዙ ሰው ችላ ብሎ ይሠራበታል።

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ በፒዲኤፍ ያመጣው ሰነድ ወደ ወርድ እንዲቀየርለት ይፈልጋል። ሠራተኛዋ በነፃ የሚቀይር ፕሮግራም ትፈልጋለች፤ ከላይ የመጣውን ማስታወቂያ ተጭና ታወርዳለች፤ ሲጫን የሚመጡትን ጥያቄዎች ሳታነብ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለች ታልፋለች። ፕሮግራሙ ሰነዱን ይቀይርላታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ክሮም ሲከፈት ሌላ መፈለጊያ ይመጣል። ሪሴት ታደርጋለች፤ ለውጥ የለም።

ሪሴቱ ለምን አልሠራም? የክሮም ሪሴት መነሻ ገጹንና መፈለጊያውን ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ተጠቃሚው የጫናቸውን ኤክስቴንሽኖችም ያጠፋል። በፖሊሲ በግዴታ የተጫነ ኤክስቴንሽንን ግን ማጥፋት አይችልም። ፖሊሲ የሚባለው መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ብሮውዘር ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠሩበት መንገድ ነው። የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ያዘዘውን ተጠቃሚው እንዳይሽረው ሆኖ የተሠራ ነው። ሠራተኛዋ የጫነችው ፕሮግራም «ፍቀጂልኝ» ሲላት ስለፈቀደችለት፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ገብቶ ዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ጽፏል።

ምልክቱ በዓይን ይታያል። በክሮም ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ ከዝርዝሩ ግርጌ «Managed by your organization» የሚል ከተጻፈና ኮምፒውተሩ የግልዎ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። አንዳንድ ጸረ ቫይረሶችም ፖሊሲ ስለሚጽፉ ጽሑፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ያለው የአድራሻ መጻፊያው ላይ chrome://policy ብለው ሲገቡ ነው። በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እዚያ የተገኘው ExtensionInstallForcelist የሚል መስመር ነው፤ ከጎኑ 32 ፊደላት ያሉት የኤክስቴንሽን መለያ አለ። ያው መለያ chrome://extensions ገጽ ላይ ከአንድ የማይታወቅ ኤክስቴንሽን ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ ገጽ ማስወገድም አይቻልም። አዲስ የክሮም ፕሮፋይል ቢከፈት እንኳ ኤክስቴንሽኑ እዚያም ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ፖሊሲውን ቀድሞ ቢሰርዘው ለዚያን ሰዓት ይጸዳል፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ትእዛዙን እንደገና የሚጽፍ ሥራ ከተቀመጠ ግን በማግስቱ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ራሱን ማስወገድ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ሴቲንግ የተጫኑትን ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን አሰልፈው፣ ችግሩ በጀመረበት ቀን የገባውን ያጥፉ። ቀጥሎ taskschd.msc ብለው የታቀዱ ሥራዎችን ዝርዝር ይክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚነሱትንና AppData ውስጥ ካለ የማይታወቅ ፋይል የሚጀምሩትን ይመልከቱ። ብዙ ጤናማ ፕሮግራሞችም እዚያ ስላሉ ቦታው ብቻ አያስወነጅልም፤ ስሙና የተፈጠረበት ቀን ከዚያ መቀየሪያ ጋር ሲገጥም ግን ይሰረዛል።

ከዚህ በኋላ ነው የፖሊሲው ተራ። ክሮምን ዘግተው፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍተው የሚከተለውን ይጻፉ፦

```
reg delete "HKLM\SOFTWARE\Policies\Google\Chrome" /f
reg delete "HKCU\SOFTWARE\Policies\Google\Chrome" /f
```

ከሁለቱ አንዱ ቁልፉ አልተገኘም ቢልዎ አይደንግጡ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይህን አይንኩ፤ ፖሊሲው የቤቱ ሊሆን ስለሚችል የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ። ትእዛዙ ከተሰረዘ በኋላ ኤክስቴንሽኑ ይወገዳል፤ ከዚያ የሚደረግ ሪሴት ይጸናል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተው chrome://policy ን እንደገና ይዩ። ያ መስመር ከተመለሰ፣ የሚጽፈው ነገር ገና አልተገኘም።

ፖሊሲ የሌለበት ኮምፒውተርም አለ። ገጹ የሚመጣው ከዴስክቶፑ አይከን ሲከፍቱ ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ሾርትከቱ ላይ ነው። አይከኑን በቀኝ ተጭነው Properties ውስጥ Target የሚለውን ያንብቡ፤ ከ chrome.exe በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ከተቀጠለ ትርፉን መሰረዝ ይበቃል።

ከፎርማት በኋላ የሚመለሰው ደግሞ በሁለት በር ነው። አንደኛው የጉግል አካውንት ነው። ተጠቃሚው ራሱ የጫነው ኤክስቴንሽን ሲንክ ከተደረገ፣ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ አካውንቱን እንዳስገባ ከቡክማርኩ ጋር አብሮ ይወርዳል። መለያው አካውንት ከመግባቱ በፊት ንጹሕ የነበረው ብሮውዘር ከገባ በኋላ መበላሸቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ሲንክ እንደበራ ኤክስቴንሽኑን ያስወግዱት፤ ከአካውንቱም ይወጣል። ሁለተኛው በር ዲ ድራይቭ ነው። ፎርማት የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሲ ብቻ ስለሆነ ዲ ላይ የተቀመጠው የሴትአፕ ፎልደር አይነካም፤ ጠጋኙም ለደንበኛው አስቦ ያንኑ መቀየሪያ መልሶ ይጭንለታል።

ገጹ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ። እንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን ብዙውን ጊዜ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን የማንበብና የመቀየር ፈቃድ ይዞ ይገባል፤ ይህ ፈቃድ ያለው ደግሞ በብሮውዘሩ የሚጻፍ የይለፍ ቃልን ማየት ይችላል። ስለዚህ የኢሜይልዎንና በኮምፒውተሩ ከፍተውት ከሆነ የባንክዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ የሚቀይሩትም ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ ወይም በሌላ ጤናማ ስልክ ይሁን። ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን ያንን ሴትአፕም ዛሬውኑ ያጥፉት።