የቱ ይቅደም? መቼስ ያልቃል?

በአንድ ግቢ አራት ቤት የሚያከራዩ ሰው በግንቦት አንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጥያቄ ደረሳቸው እንበል። በአንደኛው ቤት ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ይግላል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። በሁለተኛው ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቷል። በሦስተኛው ቧንቧው ያንጠባጥባል። የአራተኛው ቤት ተከራይ ደግሞ ግድግዳው እንዲቀባላቸው ጠይቀዋል። በእጅ ያለው 10,000 ብር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ደጋግሞ የደወለው ተከራይ ነው። ሥራውን በትክክል የሚለዩት ግን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አይገለበጥም። መጀመሪያ፦ እንዲህ እንዳለ ቢያድር ሰው ይጎዳል? ቀጥሎ፦ በቆየ ቁጥር ወጪው ይጨምራል?

ሶኬቱ በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ይቀድማል። የሚግለው ሽቦው ላልቶ፣ ወይም ምጣዱ ከሽቦው አቅም በላይ ኃይል እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ብሬከሩ ይጥፋ። አደጋው ዛሬ ይቆማል፤ ጥገናው ባለሙያው ሲመጣ ይሠራል።

ኮርኒሱን ወደፊት የሚያመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የክቡን ዳር በእርሳስ ያስምሩበት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ እርጥበቱ መስመሩን ካለፈ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ዛሬ የላሉ የቆርቆሮ ምስማሮችን መቀየርና አሸንዳ መጥረግ የሚበቃው ሥራ፣ ሐምሌ ላይ ኮርኒስና የበሰበሰ እንጨት መቀየር ይሆናል። ክቡ አምፖል አጠገብ ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ሊገናኙ ይችላሉና።

ቧንቧው በአብዛኛው የሚፈልገው አንዲት ያለቀች ጎማ መቀየር ነው። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ወረፋ አያስፈልገውም። ቀለሙ ቢቆይ አይብስም። እንዲያውም እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ስለሚላጥ ክረምቱ እስኪያልፍ ቢጠበቅ ይሻላል።

ባለሙያዎቹ ለሶኬቱ 1,500፣ ለጣሪያው 6,000፣ ለቧንቧው 800 ብር ቢጠይቁ ድምሩ 8,300 ይሆናል። የቀረው 1,700 ለቀለም አይነካም፤ ሶኬቱ ሲፈታ ውስጡ የተቃጠለ ሽቦ ቢገኝ ለእሱ ይውላል።

አሁን ቀን መንገር ነው። «ሰሞኑን እናየዋለን» የሚለው መልስ ተከራዩን መልሶ ያስደውላል። ባለሙያው የሚያይበትና ሥራው የሚያልቅበት ቀን የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ለየብቻ ይነገሩ፤ የሚያዘገየውም ነገር ይጨመር። ለሁለተኛው ቤት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ሠራተኛው ሐሙስ ጣሪያውን ያያል። ዝናብ ካልከለከለ ቅዳሜ ያልቃል። ከከለከለ ዓርብ ማታ ደውዬ አዲሱን ቀን እነግርዎታለሁ።» ቀኑ የሚዛወር ከሆነ ቀኑ ከማለፉ በፊት ይነገር፤ ተከራዩ ዕቃ አሽሽተው፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ይጠብቁ ይሆናል።

ቀለም ለጠየቁትም መልሱ «እሺ፣ ነገ» አይሁን። «ከጥቅምት በፊት አይቀባም፤ ምክንያቱም ግድግዳው መድረቅ አለበት» ይባሉ። ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ሆኖም እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ አይጠብቁም።