እጥፍ ሳሎን፣ አራት እጥፍ ሴራሚክ፣ ስምንት እጥፍ ኮንክሪት

አንድ ቤት ሠሪ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሳሎን አቅዶ፣ የወለሉን ሴራሚክ አስልቶ ጨርሷል እንበል። ኋላ ላይ «ሳሎኑ ይጠብባል፤ በሁለቱም በኩል እጥፍ ይሁን» ይልና ፕላኑን ወደ 6 በ8 ያስለውጣል። የሴራሚኩንም ቁጥር በሁለት አባዝቶ ይገዛል። ሠራተኛው የተገዛውን ሁሉ አንጥፎ ሲጨርስ ግን ከወለሉ የተሸፈነው ግማሹ ብቻ ነው።

የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ለማየት ሴራሚኩን አንድ በአንድ መቁጠር ይበቃል። ሴራሚኩ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በ3 ሜትሩ በኩል 6፣ በ4 ሜትሩ በኩል ደግሞ 8 ይገባል። 6 ረድፍ፣ በየረድፉ 8፤ በድምሩ 48 ሴራሚክ ነው። አሁን ሳሎኑ በርዝመቱ ብቻ ይጨመር። ረድፎቹ 6 እንደሆኑ ይቆዩና እያንዳንዱ ረድፍ 16 ሴራሚክ ይይዛል፤ 96 ሆነ ማለት ነው። ቤት ሠሪው የገዛው ይህን ያህል ነው። ወርዱም ሲጨመር ግን እነዚያ የረዘሙት ረድፎች ራሳቸው ከ6 ወደ 12 ይበዛሉ። 12 ጊዜ 16፣ 192 ነው። ርዝመቱ ቁጥሩን አንድ ጊዜ አጠፈው፤ ወርዱ የታጠፈውን መልሶ አጠፈው። በአዲሱ ሳሎን ውስጥ አሮጌው ሳሎን አራት ጊዜ ይገባል።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሁሉም ነገር አራት እጥፍ ይሆናል» ብሎ መደምደምም ያከስራል። በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ዞኮሎ የሚለካው በዙሪያው ርዝመት ነው። የበሩን ክፍተት ትተን ብናሰላ፣ የትንሹ ሳሎን ዙሪያ 14 ሜትር፣ የትልቁ 28 ሜትር ነው፤ እጥፍ ብቻ። የግድግዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ በርና መስኮት ሳይቀነስ፣ የሚቀባው ግድግዳ ከ42 ካሬ ወደ 84 ካሬ ያድጋል። ወለሉ አራት እጥፍ ሲያድግ ቀለሙ ሁለት እጥፍ ብቻ የሚያድገው፣ ከግድግዳው ሁለት ልኮች የተለወጠው አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው።

በዙሪያውና በወለሉ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ሴራሚክ የሚያነጥፉ ባለሙያዎች በእጃቸው የሚያውቁትን አንድ ነገር ያስረዳል። ሴራሚክ የሚቆረጠውና የሚባክነው በአብዛኛው ግድግዳው ጥግ ላይ ነው። በትንሹ ሳሎን ከ48ቱ ሴራሚኮች 24ቱ ግድግዳ ይነካሉ፤ ግማሹ ማለት ነው። በትልቁ ሳሎን ግን ግድግዳ የሚነኩት ከ192ቱ 52 ብቻ ናቸው፤ ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ለብክነት የሚያስፈልገው መጠባበቂያ፣ ከወለሉ ስፋት አንጻር ሲታይ፣ ከሰፊ ሳሎን ይበልጣል። ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት መቶኛ ጨምሮ መግዛት ለአንዱ ያሳንሳል፣ ለሌላው ያተርፋል።

ኮንክሪት ላይ ስንደርስ ሦስተኛ ልክ ይመጣል፤ ውፍረት። ኮንክሪት የሚሰላው በካሬ ሳይሆን በሜትር ኩብ ነው። መሬት ላይ የሚያርፈው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ለትንሹ ሳሎን 1.2 ሜትር ኩብ፣ ለትልቁ 4.8 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ሳሎኑ ስለሰፋ ብቻ ውፍረቱን መጨመር አያስፈልግም፤ ከታች የሚሸከመው መሬቱ ነውና። ስለዚህ እዚህም አራት እጥፍ ነው።

ከላይ ያለው ሶሌታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚሸከመው መሬት የለም፤ ከዳር እስከ ዳር በራሱ ተዘርግቶ መቆም አለበት። የሕንፃ ንድፍ ደንቦች የሶሌታን ዝቅተኛ ውፍረት ከሚዘረጋበት ርቀት ጋር አያይዘው የሚወስኑት በዚህ ምክንያት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ውፍረቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትንሹ ሳሎን 12 ሴንቲ ሜትር ሶሌታ ቢኖረውና ትልቁ 24 ቢደረግለት፣ ሂሳቡ እንዲህ ይወጣል። ለትንሹ 3 ጊዜ 4 ጊዜ 0.12፤ 1.44 ሜትር ኩብ። ለትልቁ 6 ጊዜ 8 ጊዜ 0.24፤ 11.52 ሜትር ኩብ። ስምንት እጥፍ ሆነ። ርዝመቱ አጠፈ፣ ወርዱ አጠፈ፣ ውፍረቱም አጠፈ።

ይህ በቁጥር ብቻ የሚቀር አይደለም። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢያዝ፣ ለትንሹ ሶሌታ በ50 ኪሎ ከረጢት 11 የማይሞላ ሲሚንቶ ይበቃል፤ ለትልቁ 83 ከረጢት ያስፈልጋል። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት ደግሞ ወደ 2,400 ኪሎ ነው። ትንሹ ሶሌታ ሦስት ቶን ተኩል ሲመዝን፣ ትልቁ ከ27 ቶን ያልፋል።

ያ ክብደት የሚወርደው ኮለኖቹ ላይ ነው። «ኮለኑንም እጥፍ እናድርገው» ቢባልስ? 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ኮለን 40 በ40 ሲሆን፣ ሸክሙን የሚቀበለው ገጽ ከ400 ወደ 1,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ አራት እጥፍ ነው። ከሶሌታው ክብደት ብቻ የሚመጣው ሸክም ግን ስምንት እጥፍ ሆኗል። በመሆኑም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው የሶሌታው ጫና ከቀድሞው እጥፍ ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የግዙፍ እንስሳ አጥንት ከትንሽ እንስሳ አጥንት ይልቅ፣ ከርዝመቱ አንጻር ሲታይ፣ መወፈር ያለበት ለምን እንደሆነ ያስረዳው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ወጪውን ፈርቶ በአሮጌው 12 ሴንቲ ሜትር መቀጠል ደግሞ የባሰ አደጋ አለው። አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ሶሌታ የሚዘረጋበት ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ በየካሬው ላይ ያለው ሸክም ሳይለወጥ እንኳ፣ መሐሉ ወደ ታች የሚረግብበት መጠን 16 እጥፍ ያድጋል። ምልክቱ ከታች በኩል በሶሌታው መሐል የሚታይ ስንጥቅ፣ ከሥሩ ባለው የጡብ ግድግዳ ላይ የሚወጣ መሰንጠቅ፣ በጣሪያ ላይ ከሆነም ከዝናብ በኋላ መሐሉ ላይ የሚቋጥር ውሃ ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ 24 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ከማፍሰስ የተሻለ መላ አላቸው። ሰፊውን ሳሎን መሐሉ ላይ በቢም ይከፍሉታል፤ ወይም በሶሌታው ውስጥ ባዶ ብሎኬት አስገብተው ውፍረቱን ሳይቀንሱ ክብደቱን ይቀንሳሉ። ይህ ግን ፎርማን በሳይት ላይ ቆሞ የሚወስነው ነገር አይደለም። ሳሎኑን ለማስፋት ያሰበ ቤት ሠሪ ሴራሚኩንና ቀለሙን ራሱ ማስላት ይችላል፤ ሶሌታውን፣ ኮለኑንና መሠረቱን ግን ብረት ከመታዘዙ በፊት መሐንዲሱ ከአዲሱ ልክ ተነሥቶ እንደገና እንዲያሰላቸው ማድረግ አለበት።