ራስ ምታቱ የሚመጣው ማታ ነው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2009 ዲዬጎ ማራዶና የሚያሠለጥነው፣ ሊዮኔል ሜሲም የተሰለፈበት የአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን ላ ፓዝ ላይ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ጨዋታው የተካሄደበት የኤርናንዶ ሲሌስ ስታዲየም ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ፊፋ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ ከፍታ ላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። የደቡብ አሜሪካ አገሮች አጥብቀው ስለተቃወሙት በ2008 እገዳውን አነሣው።

ላ ፓዝ የሚሄዱ እንግዳ ቡድኖች ታዲያ አንድ ዘዴ አላቸው። ሳንታ ክሩዝ በምትባለው የቆላ ከተማ፣ 400 ሜትር ላይ፣ ያድራሉ። ጨዋታው ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት በአውሮፕላን ይወጣሉ፣ ፊሽካው እንደተነፋም ተመልሰው ይወርዳሉ። በዚህ መንገድ ከትንፋሽ ማጠር አያመልጡም፤ እሱ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ይጀምራቸዋል። የሚያመልጡት ከሕመሙ ነው። የከፍታ ሕመም ሰው እንደደረሰ አይነሣም፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ከፍታ ላይ ወዳለ ከተማ የሚሄድ እንግዳ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ለላ ፓዝ የሚያገለግለው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ከከተማዋ በላይ፣ ኤል አልቶ ሜዳ ላይ ነው፤ ከፍታው 4,061 ሜትር ነው። እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን አገራችንን እንከፍላለን፤ ከሳንታ ክሩዝ የተነሣ መንገደኛ ግን ከቆላ ወደ ውርጭ የሚወጣው በአንድ ሰዓት በረራ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲም ሆነ ኤል አልቶ ያው 21 ከመቶ ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባውም ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኤል አልቶ ላይ ጅቡቲ ከሚገባው 60 ከመቶ ያህሉ ብቻ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው።

እስቲ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኤል አልቶ የደረሰ፣ ጤናማና ጎልማሳ መንገደኛ እናስብ። ሻንጣውን ሲያነሣ ልቡ ይመታል፣ ትንሽ ቀለል የማለት ስሜትም ይሰማዋል፤ ሌላ ምንም የለውም። ሆቴሉ ዕቃውን አስቀምጦ በገመድ መኪናው ከተማዋን ከላይ ያያል፣ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፣ ምሳውንም በደንብ ይበላል። "እኔን ከፍታ አልያዘኝም" ብሎ ለቤተሰቡ ይደውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግንባሩንና ማጅራቱን ወጥሮ የሚይዝ ራስ ምታት ይጀምረዋል፣ የእራት ሽታ ያስጠላዋል፣ ደረጃ ለመውጣትም አቅም ያጣል። ለሐኪም ይህ በቂ ምልክት ነው፦ አዲስ ከፍታ ላይ የደረሰ ሰው ራሱን አሞት፣ በዚያ ላይ ማቅለሽለሽ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም ወይም ማዞር ከተጨመረበት፣ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ይባላል። ብዙ ሰው ግን በምግቡ፣ በጉዞው ወይም በብርዱ ያሳብባል።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። አብሮት የሚተኛ ሰው ካለ የሚያስደነግጥ ነገር ሊሰማ ይችላል። የተኛው ሰው ትንፋሹ እየፈጠነ እየጠለቀ ይሄድና በድንገት ጸጥ ይላል። ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ። ከዚያ በኃይል ስቦ ይተነፍሳል፣ አንዳንዴም ደንግጦ ይነቃል። ይህ ከፍታ ላይ በጤነኛ ሰውም ላይ የሚታይ ነው፤ ብቻውን ሕመም አይደለም።

ምክንያቱም የሚገባ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ አንገት ላይ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ ያሉ ጥቃቅን አካላት ይህን ያውቁና "ቶሎ ቶሎ ተንፍስ" የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይወጣል፣ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፣ አንጎልም "በቃ፣ ቀንስ" ይላል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲይዝ ትንፋሹ ሌሊቱን ሙሉ ይቆራረጣል። ይህን የሚያስታርቀው ኩላሊት ነው። ባይካርቦኔት የሚባለውን ንጥረ ነገር በሽንት እያስወጣ ደሙን ወደ ሚዛኑ ይመልሳል፣ ያኔ ሰውዬው ያለ ከልካይ በጥልቀት መተንፈስ ይችላል። ችግሩ ኩላሊት ይህን ለመሥራት ቀናት መፈለጉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሴታዞላማይድ፣ በገበያ ስሙ ዲያሞክስ፣ የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው፤ ኩላሊት በቀናት የሚሠራውን ያፋጥነዋል። ለመከላከያ የተለመደው መጠን ለአዋቂ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ ከደረሱ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ይወሰዳል። ጣትንና ከንፈርን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ ለስላሳ መጠጥንም ጣዕም ያሳጣል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም።

መድኃኒት ሳይወስዱ ጊዜ መግዛትም ይቻላል። ቦሊቪያ ውስጥ ኮቻባምባ 2,560 ሜትር፣ ሱክሬ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አንዳቸው ጋ ሁለት ሌሊት አድሮ ላ ፓዝ የሚገባ ሰው ኩላሊቱ ሥራውን ጀምሮ ይደርሳል። ይህ ካልተቻለ ማደሪያን ዝቅ ማድረግ ነው። የላ ፓዝ ደቡባዊ ሰፈሮች ከመሐል ከተማው በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላሉ፤ ወሳኙ ደግሞ ቀን የሚውሉበት ሳይሆን ሌሊት የሚያድሩበት ከፍታ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቀለል ያለ ምግብ መብላት፣ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን መተው ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ትንፋሽን ያደክማሉ። ውሃ መጠጣት ጥሩ ነው፣ ሕመሙን ግን አይከላከልም። ራስ ምታቱን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ያስታግሰዋል። ሕመሙ የያዘው ሰው ሌላ ከፍታ ሳይጨምር ባለበት ካረፈ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ይሻለዋል።

ሆቴሉ ኮካ በሚባለው ቅጠል የተፈላ ሻይ ያቀርብለታል፤ ቦሊቪያ ውስጥ ሕጋዊና የተከበረ ባህል ነው። የከፍታ ሕመምን መከላከሉ ግን አልተረጋገጠም። ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከሌላ የባሕረ ሰላጤው ከተማ የሄደ ወገናችን ካለ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ሻይውን የጠጣ ሰው ሽንቱ ሲመረመር ኮኬይን እንደወሰደ ሊያሳይ ይችላል፣ የሻይ ከረጢቱን በሻንጣ ይዞ መመለስም በብዙ አገር በወንጀል ያስጠይቃል።

ቀልድ የማያውቁ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ሌሊት ይመጣል። ምልክቱ ቁጭ ብለው እያረፉም ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ሳል፣ የከንፈር መጥቆር፣ ሲብስም አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ነው። ሁለተኛው የአንጎል ማበጥ ነው። እሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ሰውዬው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር ይራመድ። ሰካራም ይመስል ከተንገዳገደ፣ ወይም ከዘበራረቀ፣ ድካም ነው ብሎ ማስተኛት ሊገድለው ይችላል። በኮሮና ጊዜ የለመድናት ጣት ላይ የምትደረግ መለኪያ ላ ፓዝ አዲስ በደረሰ ጤነኛ ሰው ላይ ከ85 እስከ 90 ልታሳይ ትችላለች፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥም መዘናጋትም ልክ አይደለም። የሚታየው ሰውዬው ነው።

ተራራ ላይ ለሁለቱም መፍትሔው ወዲያው መውረድ ነው። ላ ፓዝ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ከተማዋ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ወደ ቆላ የሚያወርዱት ዋና መንገዶች አስቀድመው ያወጣሉ። አውሮፕላን ለመያዝ ወደ ኤል አልቶ፣ 4,061 ሜትር ላይ መውጣት ግድ ነው። ወደ ሞቃታማው ዩንጋስ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ላ ኩምብሬ የሚባለውን 4,600 ሜትር ያለፈ በር ሳይሻገር አይወርድም። ስለዚህ በዚህች ከተማ የመጀመሪያው እርምጃ ኦክስጅን ነው፤ ብዙ ሆቴሎች ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ ሆስፒታል ነው፤ መውረዱ የሚወሰነው ከዚያ ነው።

ጉልበት ከዚህ ሕመም አያድንም። ሯጩም ስፖርተኛውም ይታመማል፤ ብርታቱን ተማምኖ ስለሚቸኩል አንዳንዴ ይብስበታል። የተሻለው መገመቻ ያለፈው ታሪክ ነው፤ ከዚህ በፊት ከፍታ ያመመው ሰው ደግሞ የመታመም ዕድሉ ሰፊ ነው። የደጋ ልጅነትም ዋስትና አይሆንም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን ከቆላ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ እዚያው ስለኖሩ ሰዎች የተነገረ ነው፤ ዓመታት ጅዳ ወይም ቴል አቪቭ የኖረ የደጋ ተወላጅ ሰውነቱ የለመደውን ከፍታ ትቶታል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላ ፓዝ የሚሄድ ሰው ግን በ2,300 ሜትር ላይ የለመደው ትንፋሽ ቶሎ ስለማይጠፋ ከባሕር ዳርቻ ከሚነሣው ይሻላል፤ ጨርሶ ግን አይድንም።

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል ለሚመጣ እንግዳ ከፍታ ናት። በኮሎራዶ ከ1,900 እስከ 2,950 ሜትር ላይ ባሉ መዝናኛዎች ያረፉ ጎብኚዎች ተጠንተው፣ ከአራቱ አንዱ ቀለል ያለ የከፍታ ሕመም እንደያዘው እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው ወይም ከእስራኤል ዘመድ የሚቀበል ቤተሰብ የመጀመሪያውን ቀን ግብዣ ቀለል ያድርገው፣ ወደ እንጦጦ መውጣቱንም ለሦስተኛው ቀን ያቆየው። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለበት እንግዳ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ እዚህ ደርሶም ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው "አየር ለውጦበት ነው" ሳትሉ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱት።