ተጨማሪ መረጃ፦ የታመመ ልጅ የቀረበትን ምክንያት ለትምህርት ቤት መግለጽ

አሜሪካ የምትኖር እናት በአማርኛ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «ልጄ ጥቅምት 5 እና 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ትኩሳትና ሳል ስለነበረው ቀርቷል። ትኩሳቱ ጥቅምት 6 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለቆታል፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒት አልወሰደም።»

ማስታወሻው ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ቀኖቹ ኦክቶበር 15 እና 16 ቀን 2024፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 7 ይሆናሉ። ሰዓቱ ሳይቀየር ከቀረ አንባቢው ሌሊት ይመስለዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጁ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ከትኩሳት ነጻ ሳይሆን እንዳይመለስ ስለሚያዝዙ ትኩሳቱ የለቀቀበትን ሰዓትና መድኃኒት አለመውሰዱን የምትገልጸው መስመር ከሁሉም ትበልጣለች፤ ረጅም ሰላምታና ይቅርታ ግን አያስፈልግም። የእናትየዋ የአባት ስም ከልጁ ስለሚለይ፣ የልጁን ሙሉ ስም በምዝገባው አጻጻፍ አስፍራ ከፊርማዋ ሥር «የልጁ እናት» ትበል።