ከፋሲካ በኋላ ያለው ወር፦ በሐይቅ ከተማ የዓሣ ነጋዴ የብድር መክፈያ ማሻሻያ ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ ለአካባቢው ነዋሪ የመተዳደሪያ ምንጭ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣውን ቆሮሶ ገዝተው፣ አጽድተው በከተማዋና በአጎራባች ገበያዎች የሚሸጡ ቸርቻሪዎች ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የእነዚህን ቸርቻሪዎች አንድ ችግር ነው። ብድራቸው በየወሩ እኩል እንዲከፈል ሲዋዋሉ ገቢያቸው ግን በየወሩ እኩል አይደለም፤ ገቢው ሲወርድ ለአበዳሪው ተቋም የሚያቀርቡት የማሻሻያ ጥያቄም በአብዛኛው ከእውነተኛው ችግራቸው ጋር የማይገጥም ሆኖ ይገኛል።

በአማራ ክልል አነስተኛ ብድርን ለብዙኃኑ ያደረሰው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ፀደይ ባንክ ተሸጋግሯል፤ ሌሎች አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማትም በአዋጅ ቁጥር 626/2001 እና በማሻሻያው መሠረት ይሠራሉ። የአከፋፈል ልማዱ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። የእርሻ ብድር ምርት ሲሰበሰብ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የንግድ ብድር ደግሞ በየወሩ። ዓሣ ነጋዴዋ ከሁለተኛው ወገን ትመደባለች። ንግዷ ግን ከገበሬው ባልተናነሰ ወቅት የሚገዛው ነው፤ ልዩነቱ የገበሬውን ወቅት ዝናብ ሲወስነው የእሷን ባሕረ ሐሳብ መወሰኑ ነው።

ይህንን ለማየት የ2017 ዓ.ም.ን የጾም አቆጣጠር መከተል ይበቃል። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በእነዚህ ኀምሳ አምስት ቀናት የዓሣ ፍላጎት ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ውድቀት ግን ጾሙ በማለቁ ብቻ የመጣ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ በሌላው ጊዜ ሳምንታዊ ገበያውን የሚደግፉት ሁለት ቀናት እስከ ሰኔ 1 ድረስ አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ሰኔ 2 ገብቶ ሐምሌ 5 ሲፈታ ገበያው በከፊል ያንሰራራል፤ ቀሪው ሐምሌ በክረምቱ ጭቃና በመንገዱ ምክንያት ይከብዳል፤ ነሐሴ ከገባ የፍልሰታ ጾም ለሁለት ሳምንት ያነቃዋል። መስከረምና ጥቅምት መካከለኛ ናቸው። ዋናው ገበያ የሚመለሰው ኅዳር 15 በሚጀምረው የነቢያት ጾም ነው። እንግዲህ «ገቢ ቀነሰ» የሚባለው ነገር አንድ ጉድጓድ ሳይሆን ወጣ ገባ መንገድ ነው። የጥያቄው ይዘት ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ስሌቱን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ አቀናብረናል። ነጋዴዋ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 60,000 ብር ተበደረች እንበል። ዋናው ገንዘብ በ12 ወር በእኩል 5,000 ብር ይከፈላል፤ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ በወር 1.5 በመቶ ይታሰባል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስድስቱን ክፍያ ሳታዛንፍ ከፈለች፤ ቀሪ ዕዳዋ 30,000 ብር ሆነ። የግንቦት ክፍያ ከነወለዱ 5,450 ብር ነው። ማስታወሻ ደብተሯ እንደሚያሳየው ግን ከቤት ወጪ በኋላ በግንቦት የሚተርፋት 2,200 ብር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻዋ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሥራዬ ስለተቀዛቀዘና ችግር ላይ ስለሆንኩ የሦስት ወር የእፎይታ ጊዜ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ብዙው ማመልከቻ ይህንኑ ይመስላል። ጉድለቱ የትሕትና ወይም የቋንቋ አይደለም፤ የተጠየቀው ነገር ቢፈቀድ ራሷን የሚጎዳ መሆኑ ነው። የውሉ ማብቂያ ጥቅምት ላይ ባለበት ከቀጠለ፣ ሦስቱ ወራት ሲያልፉ 30,000 ብር በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ተከፋፍሎ በየወሩ 10,000 ብር ይደርስባታል። ማብቂያው በሦስት ወር ወደ ጥር ቢገፋም ከነሐሴ ጀምሮ ያው 5,000 ብር ይጠበቅባታል፤ በመስከረም የሚተርፋት ግን 3,000 ብር ያህል ነው። ሁለተኛው መስተጓጎል ማሻሻያው በተፈቀደ በጥቂት ወራት ውስጥ ይከሠታል፤ አንድ ጊዜ የተሻሻለ ብድር እንደገና ሲዛነፍ ደግሞ የብድር ባለሙያው ሁለተኛውን ጥያቄ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

ሌላም ስውር ጉዳት አለው። በሰኔ ልትከፍል የምትችለውን ገንዘብ እንዳትከፍል ይፈቅድላታል። ያ ገንዘብ ደግሞ ከእጅ አይቆይም፤ ለልጅ ደብተር፣ ለዕቁብ፣ ለክረምት እህል ይሄዳል።

የተሻለው ጥያቄ ከታች ወደ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ወር ምን ያህል እንደሚያተርፍ ይጻፋል፤ ከዚያ የወሩ ክፍያ ከትርፉ አምስት እጅ አራቱን እንዳያልፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ የማብቂያ ቀኑ በመጨረሻ ከዚህ ይወጣል። በምሳሌያችን ነጋዴዋ ከዋናው ገንዘብ በግንቦት 1,000፣ በሰኔ 3,000፣ በሐምሌ 1,000፣ በነሐሴ 3,000 ብር ለመክፈል ትጠይቃለች። በመስከረምና በጥቅምት ሁለት ሁለት ሺህ፣ የነቢያት ጾም በሚውልባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ስድስት ስድስት ሺህ፣ በጥር 2,000፣ ዐቢይ ጾም በሚገባበት በየካቲት 2018 ዓ.ም. የመጨረሻውን 4,000 ብር ትከፍላለች። ወለዱ በየወሩ አብሮ ይከፈላል። ስለዚህ በግንቦት የምታወጣው 1,450 ብር፣ ከፍተኛው በሆነው በኅዳር ደግሞ 6,270 ብር ነው።

ይህ በነፃ አይገኝም። በመጀመሪያው ሰሌዳ ቀሪው ወለድ 1,575 ብር ነበር፤ በአዲሱ 2,880 ብር ይሆናል። አራት ወር መራዘሙ 1,305 ብር ያስከፍላታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በማመልከቻው ውስጥ ራሷ ብትጽፈው ይጠቅማታል፤ ማራዘሙ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውን እንደተቀበለች ያሳያልና። ወጪው ከአማራጩ ጋር ሲነጻጸርም ትንሽ ነው። ብዙዎች የወሩን ክፍያ ላለማሳለፍ ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳሉ። በተቋሙ መዝገብ ላይ ስማቸው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ዕዳው ግን መዝገቡ ወደማያየው ቦታ ተዛውሮ ያድጋል።

የማመልከቻው ጊዜ ከይዘቱ እኩል ይመዝናል። ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር እንደ ተበላሸ ብድር ይቈጠራል፤ ተቋሙም የሚይዘው የኪሳራ መጠባበቂያ ይጨምራል። ባለሙያው ከዚያ በፊት የቀረበን ጥያቄ የደንበኛ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረበው የማስመለስ ጉዳይ ይሆንበታል። ወቅታዊ የገቢ መቀነስ ደግሞ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ ዘግይቶ ለማመልከት ምክንያት አይኖርም። የግንቦቱ ክፍያ ከመድረሱ በፊት፣ የሚያዝያው ደረሰኝ ገና በእጅ ሳለ መቅረብ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል፤ ባለሙያው መጠየቁም ትክክል ነው፦ «ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሲበደሩ አያውቁም ነበር?» በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ንግዱ የተቋረጠበት ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርብለትም ነበር፤ ድንገተኛ አደጋ ራሱ ማስረጃ ነውና። ወቅታዊ ችግር ግን የሚታመነው በመደጋገሙ ነው። መልሱም ጥፋቱን በግልጽ መቀበልና ማረም ነው፦ ውሉ ሲፈረም ሰሌዳው በእኩል ክፍያ ተዘጋጀ፣ እሷም አልተቃወመችም፤ አሁን የምትጠይቀው ሰሌዳው ከንግዱ ጋር እንዲገጥም ነው። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አይደለም። ቀበሌው ነዋሪነቷንና ችግሯን ይመሰክራል፤ በሰኔ ስንት ኪሎ እንደሸጠች ግን አያውቅም። ያለፉት ሁለት ዓመታት የግዢና የሽያጭ ደብተር፣ በእርሳስ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ግንቦት እንደሚወርድ ብቻ ሳይሆን ኅዳር እንደሚመለስ ያሳያል። አበዳሪውን የሚያሳምነውም ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

በእነዚህ ሐሳቦች የታረመው ማመልከቻ ዋና አካል የሚከተለውን ይመስላል።

«ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ሰሌዳ እንዲሻሻልልኝ ስለመጠየቅ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከወሰድኩት 60,000 ብር ውስጥ ስድስት ክፍያዎችን በወቅቱ ፈጽሜ 30,000 ብር ቀርቶብኛል። ሥራዬ የዓሣ ንግድ በመሆኑ ከፋሲካ በኋላ ሽያጬ ቀንሶ በነቢያት ጾም ይመለሳል፤ የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. ደብተሬን ቅጂ አያይዣለሁ። ክፍያ እንዲቆምልኝ አልጠየቅሁም። ከዚህ ጋር ባያያዝኩት ሰሌዳ መሠረት በየወሩ እየከፈልኩ ብድሩን በየካቲት 2018 ዓ.ም. እንዳጠናቅቅ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት 1,305 ብር ተጨማሪ ወለድ እንደምከፍል ተረድቻለሁ። የቡድኔ አባላት ሰሌዳውን አይተው ተስማምተዋል፤ ፊርማቸው ከዚህ በታች ይገኛል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በቡድን ዋስትና ለተበደረ ሰው ሊቀር አይገባም። አባላቱ እስከ ጥቅምት ብቻ ዋስ የሆኑ መስሏቸው ሳለ እስከ የካቲት ተይዘው ቢገኙ ቅሬታው ወደ ጎረቤት ጠብ ይሄዳል። ከአባላቱ አንዱ በጥር አዲስ ብድር ሊወስድ አስቦ ከሆነም የእሷ ዕዳ አለመዘጋቱ ሊያዘገየው ይችላል። ይህ በቡና ላይ ቀድሞ ቢነገር ይመረጣል፤ ቅርንጫፉ ውስጥ መስማት ሌላ ነው።

ቅርንጫፉ ጥያቄውን በሙሉ ላይቀበለው ይችላል። አንዳንድ ተቋማት ወራቱ የተለያየ መጠን ያላቸውን ሰሌዳ ስለማያስተናግዱ እኩል ክፍያውን ብቻ አሳንሰው ያራዝማሉ። ያን ጊዜ ነጋዴዋ አስቀድማ ልታውቀው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፤ እጅግ ደካማ በሆነው ወር ከነወለዱ ልትከፍለው የምትችለው ከፍተኛ መጠን። በምሳሌያችን ይህ 1,760 ብር ያህል ነው። ከዚህ በላይ የሆነ እኩል ክፍያ ቢቀርብላት፣ ልዩነቱን ከሚያዝያው ትርፍ በቁጠባ ደብተሯ ካላስቀመጠች በስተቀር፣ ባትፈርም ይሻላል። «ዕዳውን በአዲስ ብድር እንዝጋው» የሚል ሐሳብ ከቀረበም ያው አለመሆኑን ማስተዋል አለባት፤ አዲስ ብድር አዲስ የአገልግሎት ክፍያ ሊያስከትል ይችላል።

ከፈረመች በኋላ የሚቀረው አንድ ማጣራት ነው። የውል ማሻሻያው በወረቀት ጸድቆ በመዝገቡ ላይ የቀድሞው ሰሌዳ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። የግንቦቱን 1,450 ብር ስትከፍል ደረሰኙ ቀሪ ዕዳ 29,000 ብር፣ ውዝፍ ደግሞ ዜሮ ማሳየት ይኖርበታል። ውዝፍ 4,000 ብር የሚል ከሆነ ሰሌዳው አልተለወጠም፤ የዘጠና ቀኑ ቆጠራም ከዚያች ቀን ጀምሮ እየሄደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ ሳትርቅ አዲሱ ሰሌዳ ከነቀናቱ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት እንዲሰጣት ትጠይቃለች።