የሹፌሩ ዓይን የት ጋ ተበላሸ?

አንድ የታክሲ ሹፌር የግራውንም የቀኙንም ስፖኪዮ ደጋግሞ ያጋጫል እንበል። የዓይን ሐኪም ቤት ሄዶ ግን ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?

ከሬቲና የሚነሱት ሁለቱ የዓይን ነርቮች አንጎል ሥር ካያዝማ በሚባል መገናኛ ላይ ይገጥማሉ። እዚያ የሚሻገሩት በአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የመጡት ክሮች ብቻ ናቸው። ምስል ሬቲና ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ እነዚህ የሚያዩት የጆሮን አቅጣጫ ነው። ከሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ አብጣ ስትጫናቸው የሁለቱም ዓይኖች የውጭ ግማሽ ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ዳር ይጀምራል። የሹፌራችን ነገር ይኸው ነው።

ለመለየት አንዱን ዓይን በየተራ አስሸፍኖ፣ «አፍንጫዬን እያየህ ጣቴ ሲንቀሳቀስ ንገረኝ» ማለት ነው። የጎደለው በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ከመገናኛው በፊት፣ ነርቩ ወይም ሬቲናው ላይ ነው። ሁለቱም ዓይኖች ግራ ግራውን ካጡ ግን ከመገናኛው በኋላ፣ በቀኝ በኩል ወደ ኮርቴክስ በሚሄደው መንገድ ወይም እዚያው ኮርቴክሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለው በሽተኛ ብዙውን ጊዜ «ግራ ዓይኔ ደከመ» ብሎ ይመጣል። አንዱን ዓይን ሳይሸፍኑ ያመኑት እንደሆነ ጤነኛ ዓይን ሲመረመር ይከርማል።